ሌሊት ነፍስ የሚዘራ ሥዕል፦ የአንድ የመኝታ ተረት አሠራርና አተራረክ

ልጅ የሚያስተኛ ተረት ሁለት የሚቃረኑ ሥራዎች አሉበት። መጀመሪያ ልጁን ከአልጋው ሳይነሣ የሚያቆይ ነገር ማምጣት፣ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ነገር ሳያስታውቅ ቀስ አድርጎ መውሰድ። ሥዕሎቿ ሌሊት ሌሊት ነፍስ ስለሚዘሩላት ትንሽ አኒሜተር የሚነገር ተረት የመጀመሪያውን ሥራ ያለ ድካም ይሠራል። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። ሥዕሉ ከወረቀቱ ዘሎ ወርዶ ማድቤቱን ሲያምስ የሰማ ልጅ እንቅልፉ ይጠፋል እንጂ አይመጣም።

መላው ያለው እዚያው አኒሜሽን ሙያ ውስጥ ነው። አኒሜተሮች የሚንቀሳቀስን ነገር ቀስ አድርገው የሚያቆሙበት ዘዴ አላቸው፤ ተራኪውም ልጁን ለማስተኛት ያንኑ ዘዴ መዋስ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከ5 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ይስማማል። ተረቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከዚያ በፊት ግን ቀን ላይ የሚሠራ ትንሽ ዝግጅት አለው።

አንደኛ፦ ሕጉን ያውጡ

ከገጸ ባሕርይ በፊት ሕግ ይቅደም። ሕጉም ይህ ነው፦ ሥዕሉ ሌሊት ሲነቃ ማድረግ የሚችለው የተሳለለትን ብቻ ነው።

ይህ ከሙያው ጋር የሚሄድ ሕግ ነው። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስሎችን ያሳልፋል። በእጅ የሚስሉ አኒሜተሮች ብዙውን ጊዜ 12 ሥዕል ስለው እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ያነሡታል፤ ዓይናችንም ቆራጣ መሆኑን ሳያውቅ አያይዞ ያየዋል። በተለመደ አካሄድ የሚራመድ ሰው ሁለት እርምጃ በ12 ሥዕል ያልቃል። አሥራ ሁለተኛው ሲያበቃ ወደ አንደኛው ይመለሳል፤ እንደዚያ እየተደጋገመ ሰውየው እስከፈለግነው ድረስ ይራመዳል። እንግዲህ መራመድ ብቻ የተሳለለት ገጸ ባሕርይ መቀመጥ አይችልም። መዞር አይችልም። አፉ ተዘግቶ ከተሳለ መናገርም መብላትም አይችልም።

ተረቱን የሚሸከመው ይህ ነው። የየሌሊቱ ችግር ከውጭ በሚመጣ ክፉ ሰው ወይም ጭራቅ አይፈጠርም፤ ገና ያልተሳለ ነገር በመኖሩ ይፈጠራል። መፍትሔውም ሁልጊዜ እርሳስ ያዥዋ ልጅ እጅ ላይ ነው። ለመኝታ ሰዓት ከዚህ የለዘበ ችግር አላውቅም።

ሁለት ትናንሽ ሕጎች ይጨመሩበት። ሥዕሉ ከወረቀቱ ጠርዝ አያልፍም፤ ይህን ቀደም ብለው በግልጽ ካልተናገሩ አዳማጭዎ ከአልጋው ሥር ምን እንዳለ ማሰቡ አይቀርም። ሁለተኛው፣ የንጋት ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል።

ሁለተኛ፦ ቀን ላይ ነጥቧን አስኪዱ

ልጁ ሥዕሎች ሲቀራረቡ እንቅስቃሴ ለምን እንደሚዘገይ አንድ ጊዜ በገዛ አውራ ጣቱ ካላየ፣ ማታ የሚነግሩት የተረቱ መጨረሻ ባዶ ወሬ ይሆንበታል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አብራችሁ ሁለት ትናንሽ የሚገለበጡ ጥራዞች ሥሩ። ኮምፒውተር አያስፈልግም። ጆን ባርነስ ሊኔት የተባለ እንግሊዛዊ እንዲህ ዓይነቱን ጥራዝ በስሙ ያስመዘገበው በ1868 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሲኒማ ገና አልነበረም።

ሦስት ኤ4 ወረቀት እያንዳንዳቸውን ስምንት ቦታ ቢቆርጧቸው 24 ቅጠል ይወጣል። አሥራ ሁለቱ ለአንዱ ጥራዝ፣ አሥራ ሁለቱ ለሌላው ይሆናል። ሥዕሉን ከመጨረሻው ቅጠል ይጀምሩ። ታች ባለው ቅጠል ላይ አንድ ነጥብ በደማቁ ይሳሉና ቀጣዩን ባዶ ቅጠል ከላዩ ላይ ያድርጉ፤ የታችኛው ነጥብ አሳልፎ ስለሚታይ የሚቀጥለው የት እንደሚውል ማየት ይቻላል። በመጀመሪያው ጥራዝ ነጥቧ በእያንዳንዱ ቅጠል እኩል 5 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ትሂድ። በሁለተኛው ጥራዝ ያንኑ ርቀት ትሂድ፤ ግን እርምጃዋ እያጠረ ይምጣ፦ 12 ሚሊ ሜትር፣ 10፣ 8፣ 7፣ 6፣ 4፣ 3፣ 2፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ አንድ አንድ። ነጥቧ የምትነሣበትም የምትደርስበትም ቦታ በሁለቱም ጥራዞች አንድ ነው።

ቅጠሎቹን በግራ በኩል ጠርዛቸውን አስተካክለው በወረቀት መቆንጠጫ ያሲዟቸው፤ ከዚያ ልጁ ከኋላ ወደ ፊት በአውራ ጣቱ ይገልብጥ። የመጀመሪያዋ ነጥብ በአንድ ፍጥነት ትሄድና ግድግዳ እንደመታት ድንገት ትቆማለች። ሁለተኛዋ ፈጥና ትነሣና እየዘገየች፣ እየዘገየች ታርፋለች። የልጁ ጣት የገለበጠበት ፍጥነት አልተለወጠም፤ የተለወጠው በሥዕሎቹ መካከል ያለው ርቀት ብቻ ነው። ይህን ሳይናገሩ ልጁ ራሱ እስኪደርስበት ቢጠብቁ ይሻላል።

እግረ መንገድዎን ከቅጠሎቹ ሁለት ሦስቱን ሆን ብለው ትንሽ አዛብተው ያሲዟቸውና እንደገና ያስገልብጡት። ነጥቧ ትንቀጠቀጣለች። አኒሜተሮች ወረቀታቸውን በስተው በእንጨት ወይም በብረት ችካል ላይ የሚሰኩት ይህ እንዳይደርስባቸው ነው። ማታ ስለሚያስፈልግዎ በልጁ አእምሮ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፦ የሚነቃውን ሥዕልና የጎደለውን ይምረጡ

እኔ ጅብ እመርጣለሁ፤ ቦታውንም ሐረር ጀጎል አደርገዋለሁ። ጅብ በአብዛኛው ተረታችን ውስጥ ሆዳምና ሞኝ ወይም አስፈሪ ነው። ሐረር ውስጥ ግን ማታ ማታ ከግንቡ ደጅ ጅብ የሚመግቡ ሰዎች አሉ፤ ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አድርገው ሲዘረጉለት ጅቡ ተጠግቶ ይቀበላል። ግንቡም ላይ ጅብ የሚገባባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ያንን እያየች ያደገች ልጅ ጅብ ብትስል ልታስፈራራ ብላ አይደለም። ያም ሆኖ አዳማጭዎ ጅብ የሚፈራ ከሆነ አይሟገቱት፤ አህያ ያድርጉትና ሥጋው በሣር ይለወጥ።

ልጅቷ ሰሚራ ትባል፤ ዕድሜዋ ከአዳማጩ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይብለጥ። አኒሜሽን የምትሠራው በመብሻ በተበሳ ወረቀት ነው፤ ቀን ቀን መስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፋ ትስላለች፣ ብርሃኑ የታችኛውን ሥዕል ያሳያታል። ጅቧን በ12 ሥዕል አስኪዳዋለች። በሌላ ረጅም ወረቀት ላይ ደግሞ መንገዱንና በመጨረሻው ጫፍ አንድ ቁራጭ ሥጋ ስላለች።

አሁን የጎደለውን እንቁጠር። ጅቡ የሚራመደው ባለበት ነው፤ የሚሄድ የሚመስለው አኒሜተሯ ከሥሩ ያለውን የመንገድ ወረቀት ስትስበው ነው። ሰሚራ ተኝታለችና የሚስብለት የለም። ስለዚህ ጅቡ ሌሊቱን ሁሉ ወደ ሥጋው ይራመዳል፤ ሥጋው ግን አይቀርበውም። ቢቀርበውም አፉ ዝግ ነው። ቢበላም መቆም አልተሳለለትም። ሦስት ጉድለት ለአንድ ሌሊት ይበቃል፤ አራተኛ ከጨመሩ ተረቱ ይረዝማል፣ ልጁም ይነቃል።

አፉ ዝግ መሆኑ አንድ ነገር ያስከትላል፤ ጅቡ አይናገርም። ብዙ ተራኪዎች እዚህ ላይ ይረሱና ሥዕሉን ያስለፈልፉታል። ልጁ ወዲያው «አፉ አልተሳለም አላልሽም እንዴ?» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ጅቡ በዓይኑ ብቻ ይጠቁም፣ ሰሚራ ትገምት። ከእርሷ በፊት ገምቶ የሚደርሰው አዳማጭዎ ይሁን።

አራተኛ፦ ይተርኩ

መብራቱ ደብዘዝ ይበል። እርሳስና ወረቀት ከክፍሉ ይውጡ፤ አለበለዚያ በተረቱ መሐል «አሁኑኑ ልሣል» የሚል ይመጣል። መጀመሪያው የተለመደው ነው፤ «ተረት ተረት» ሲሉ ልጁ «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። እዚህ ላይ ድምፁ ቢጎላም ግድ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በሐረር ጀጎል፣ ጠባብ መንገድ ላይ ባለ ቤት ውስጥ ሰሚራ የምትባል ልጅ ነበረች። የምትስላቸው ሥዕሎች ሌሊት ሌሊት ይነቁ ነበር። ከወረቀቱ ግን አይወጡም፤ ያልተሳለላቸውንም አያደርጉም። አንድ ቀን ጅብ ሣለች። አሥራ ሁለት ጊዜ ሣለችው፤ አንድ እግሩን ሲያነሣ፣ ሲያስቀድም፣ ሲያሳርፍ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ትታ ተኛች።

ሌሊት ላይ ከጠረጴዛው በኩል ኮሽ፣ ኮሽ የሚል ሰማች። ብድግ ብላ ብታይ ጅቧ ይራመዳል። ኮሽ፣ ኮሽ። ግን ሰውነቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ‹በርዶህ ነው?› አለችው። ጅቡ ወደ ወረቀቱ ጥግ ተመለከተ።»

እዚህ ላይ ዝም ይበሉ። ቀን ላይ የተዛባውን ጥራዝ የገለበጠ ልጅ መልሱን ያውቃል፤ ወረቀቱ አልተስተካከለም። ሰሚራም ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ ታስተካክላለች፤ መንቀጥቀጡ ይቆማል።

«ጅቡ መራመዱን ቀጠለ። ዓይኑ ሥጋው ላይ ነው። ይራመዳል፣ ይራመዳል፤ ሥጋው ግን እዚያው ነው። ሰሚራ ጎንበስ ብላ እግሮቹን አየች። ይነሣሉ፣ ያርፋሉ፤ ጅቡ ግን ከቦታው ፈቀቅ አላለም። ‹ለካ መንገዱን የሚስብልህ የለም!› አለች። ረጅሙን ወረቀት በሁለት ጣቷ ይዛ በዝግታ ወደ ኋላ ሳበችው። ግንቡ አለፈ። የሾላው ዛፍ አለፈ። ሥጋው መጣ።

ሥጋው ከጅቡ አፍንጫ ሥር ደረሰ፣ አለፈውም። እግሩ አልቆም አለው፤ አፉም አልከፈት አለው። ሰሚራን በዓይኑ ለመናት። ሰሚራ እርሳሷን አነሣች።»

ከዚህ በኋላ የሚሣሉትን ልጁ ያዝዝ። መቆም ስንት ሥዕል ይፈጃል? አራት ይበቃል። አፍ መክፈት? ሦስት፣ መዝጋት ደግሞ ያንኑ ሦስት ወደ ኋላ። እውነተኛ አኒሜተርም እንዲህ ያደርጋል፤ አንድ ጊዜ የተሣለውን ገልብጦ ይጠቀምበታል። ቁጥሩን ለመናገር አይቸኩሉ፤ «አንደኛው ተሣለ፣ ሁለተኛው ተሣለ» እያሉ ሲቆጥሩ የተረቱ እርምጃ ሳይታወቅ መውረድ ይጀምራል። ጅቡ ይበላል። ከተረቱ ሁለት ሦስተኛው እዚህ ያልቃል፤ ከዚህ በኋላ ምንም አዲስ ነገር አይምጣ።

አምስተኛ፦ ሥዕሎቹን ያቀራርቡ

አሁን ጅቡ ጠግቧል፤ መተኛት ግን አልተሳለለትም። ሰሚራ የመጨረሻውን ሥራ ትጀምራለች። ጭንቅላቱ ከቆመበት ከፍታ ወደ መሬት መውረድ አለበት። ርቀቱ አንድ ስንዝር ነው እንበል። የመጀመሪያው ሥዕል ጭንቅላቱን ግማሽ ስንዝር ያወርደዋል። ሁለተኛው የቀረውን ግማሽ፣ ሦስተኛው ከዚያም የቀረውን ግማሽ። አኒሜተር ማረፍን የሚስለው እንዲህ የቀረውን ርቀት እየገመሰ ነው፤ የቀኗ ነጥብም ያረፈችው እርምጃዋ እያጠረ ነበር።

ተራኪው የሚገምሰው የነገሩን ብዛት ነው። ብዙ ሰው ልጅ ለማስተኛት ድምፁን ብቻ ዝቅ ያደርጋል፤ ቃላቱ ግን ያው በነገር የተሞሉ ናቸው፣ ልጁም የተንሾካሾከውን ለመስማት ጆሮውን ይበልጥ ያቆማል። ይልቅ በየዓረፍተ ነገሩ የሚሆነው ነገር ይቀንስ። መጀመሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር ይሁን፦ «ሰሚራ ሣለች፣ ጅቡ እግሩን አጠፈ፣ ሆዱ መሬት ነካ።» ቀጥሎ ሁለት፦ «ሰሚራ ሣለች፣ ጭንቅላቱ ወረደ።» ቀጥሎ አንድ፦ «ጭንቅላቱ ትንሽ ወረደ።» ከዚያ በኋላ ያንኑ ይደጋግሙት፦ «ደግሞ ትንሽ። ደግሞ ትንሽ።» በመካከላቸው ያለው ዝምታ ይርዘም። የዓይኑ ቆብ ላይ ሲደርሱም እንደዚሁ ነው፤ በአንድ ቃል አይዘጋ፣ ግማሽ፣ ከግማሹ ግማሽ እያለ ይውረድ።

ጅቡ ተኛ ብለው እዚያው ላይ አያቁሙ። ፊልም ላይ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ሥዕል ወዲያው ሥዕልነቱ ይታወቃል፤ ነፍሱ የወጣ ይመስላል። ስለዚህ አኒሜተሮች የተኛ ገጸ ባሕርይን ያስተነፍሱታል። ሰሚራ ሆዱ ከፍ ሲል የሚያሳዩ ስድስት ሥዕሎች ትሣል፤ ዝቅ ሲል እነዚያው ይገለበጣሉ። እያንዳንዱ ሥዕል ከመራመዱ ጊዜ ይልቅ ብዙ ይቆያል። የዚህ ዙር ማብቂያ የለውም፤ ለተራኪ የሚጠቅመውም ይህ ነው። «ሆዱ ከፍ አለ… ዝቅ አለ» እያሉ መጀመሪያ የልጁን አተነፋፈስ ተከትለው ይናገሩ፤ ከጥቂት ዙር በኋላ እርስዎ ትንሽ ይዘግዩ። ልጁ አብሮ ከዘገየ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ካልዘገየ አይጎትቱት፤ ወደ ራሱ ፍጥነት ተመልሰው እንደገና ይሞክሩ።

«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚለውን መዝጊያ በዚህ ተረት ላይ ባይጠቀሙበት እመክራለሁ። ለቡና ሰዓት ተረት ያምራል፤ ነገር ግን መልስ የሚጠይቅ አነጋገር ነው፣ ሊያንቀላፋ የደረሰን ልጅ «ደግሞ የኔ ተራ» ያሰኘዋል።

ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል?

ጅቡ ከበላ በኋላ ልጁ በክርኑ ተደግፎ ቀና ካለ፣ ወይም ከብርድ ልብሱ ሥር እግሩ መወራጨት ከጀመረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዘግይቶ የገባ አዲስ ነገር ነው። «በዚያን ጊዜ የሰሚራ አያት በሩን ከፈቱ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ሩብ ሰዓት እንቅልፍ ያባርራል። አያትየው ይተኙ። ምሥጢሩ ይታወቅ ይሆን የሚለው ጥያቄ ለትልልቅ ልጆች ጥሩ የልብ ሰቀላ ነው፤ ለመኝታ ግን አይሆንም። አንዴ ከገባብዎት በሩን በዚያው ቶሎ ይዝጉትና ወደ መቁጠሩ ይመለሱ።

ሌላው የሚመጣው ጥያቄ «የኔም ሥዕሎች ይነቃሉ?» የሚለው ነው። አይነቁም ማለት ተረቱን ይገድለዋል፤ ይነቃሉ ማለት ደግሞ ልጁን ሌሊቱን ሙሉ ጠረጴዛውን ሲጠብቅ ያሳድረዋል። ሕጉ እዚህም ይረዳል። ያንተ ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ሥዕል ብቻውን መንቀሳቀስ አይችልም፣ ነገ አሥራ አንድ ጓደኞች እንሥራለት ይበሉት። እውነት ነው፣ አያስፈራም፣ የነገ ከሰዓት በኋላ ሥራም ይሆናል።

አንዳንድ ልጅ ሆዱ ከፍ ዝቅ የሚለው ላይ ሲደርሱ ይስቃል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ወደ መተንፈሱ ቶሎ ሲገባ፣ የጭንቅላቱና የዓይኑ ግመሳ ሲዘለል ነው። በሚቀጥለው ቀን ያንን ክፍል እጥፍ ያርዝሙት።

ለሚቀጥሉት ሌሊቶች

ጠዋት ላይ ልጁን «ጅቡ አሁን ምን ምን ተሳለለት?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉት፦ መራመድ፣ መቆም፣ መብላት፣ መተኛት። በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ሁሉ ለቀጣዩ ሌሊት ችግር ነው። መዞር አይችልም፤ ስለዚህ ከኋላው የመጣ ግልገል ሲጠራው ሊያየው አይችልም። ጥላ አልተሳለለትም፤ ስለዚህ በጨረቃ ብርሃን ከመሬቱ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ዝናብ ተስሏል፤ ማባራቱ አልተሳለም። ከእነዚህ በአንድ ሌሊት አንዱን ብቻ ይውሰዱ፤ የማስተኛው ክፍል ግን ሁልጊዜ ያው በተመሳሳይ ቃላት ይሁን። ልጆች የሚለመድ መጨረሻ አይሰለቻቸውም፤ ቃሉን ሲሰሙ ገና ወደ ትራሱ ይጠጋሉ።

ዝርዝሩን ከማጥፋት ይጠንቀቁ። ጅቡ ማክሰኞ መዞር ተስሎለት ሐሙስ መዞር ካቃተው አዳማጭዎ ተነሥቶ ይቀመጥና ክርክሩ እስኪያልቅ አይተኛም።